«2 ሰዓት ብቻ ቀረው!» ያለኝ ውሸታም ሰዓት

ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ስጎረጉር አንድ የግብይት መተግበሪያ ላይ ሄድፎን አየሁ። የድሮው ዋጋ ተሰርዞ ከስሩ በቀይ ሌላ ዋጋ ተጽፏል። ከጎኑ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። «ቅናሹ ሊያልቅ 2 ሰዓት ብቻ ቀረው!» ይላል። የካርዴ ቁጥር ድሮውኑ እዚያው ተመዝግቧል። አንዴ መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ነካሁት።

ጠዋት ያንኑ ገጽ ብከፍተው ሰዓቱ እንደ አዲስ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል! ቅናሹ የትም አልሄደም። የሄደው የኔ ገንዘብ ነው።

ደግሞ እኮ ቤት ውስጥ ሁለት ሄድፎን አለኝ። አትሳቁ።

ከሰዓቱ በላይ ያናደደኝ ግን ራሴን ያሳመንኩበት መንገድ ነው። «ለስራ ያስፈልገኛል» ነበር ያልኩት። አምሮት መቼም በራሱ ስም አይመጣም። «አማረኝ» ብል ኖሮ እኮ ቢያንስ አፍር ነበር። እህቴ ነገሩን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያለሽው ምን ሆነ?» ዝም አልኩ። ምንም አልሆነም ማለት አቃተኝ፣ ሆነ ማለትም አልቻልኩም።

ሄድፎኑ ሲደርስ ሳልከፍተው መለስኩት። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚመክረውን «ከመግዛትሽ በፊት 30 ቀን ጠብቂ» የሚለውን ልሞክር ወሰንኩ። ከዚህ በፊትም ሞክሬው አልሰራልኝም ነበር። ለምን እንዳልሰራ የገባኝ ገና አሁን ነው። ዕቃውን የማስቀምጠው መተግበሪያው ቅርጫት ውስጥ ነበራ! ቅርጫት መጠበቂያ ቦታ አይደለም። ሻጩ ምን እንዳማረሽ የሚያውቅበት ቦታ ነው። በማግስቱ ማስታወሻ ይልካል። በሦስተኛው ቀን «ላንቺ ብቻ» የሚል ቅናሽ ይጨምርበታል። ስሜቴ እንዲበርድ እየጠበቅኩ እሱ በየቀኑ እሳቱን ያራግባል።

ሌላው ጥፋቴ ስጠብቅ ሰው የሰጠውን አስተያየት ማንበቤና የዕቃውን ቪዲዮ ማየቴ ነው። «መረጃ እየሰበሰብኩ ነው» እላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ዕቃውን ከባለቤቱ በላይ አውቀዋለሁ። እንዴት ብዬ እተወዋለሁ?

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ቅርጫቱን ባዶ አደረግኩት። የካርዴን ቁጥር አጠፋሁ። አሁን መግዛት ካማረኝ ተነስቼ ካርዴን ፈልጌ ቁጥሩን አንድ በአንድ ማስገባት አለብኝ። ሌሊት ላይ ከአልጋ መነሳት ደግሞ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ደብተር ላይ የዕቃውን ስም፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና አሁን ያንን ስራ የሚሰራልኝ ምን እንደሆነ ጻፍኩ። እስከ 30 ቀን መተግበሪያው ላይ ያለውን የዕቃውን ገጽ አልከፍትም አልኩ። ለትንንሽ ነገር 3 ቀን ይበቃኛል፤ ለእንዲህ ያለው ግን ወር ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። «አማረኝ» ባልኩ ቁጥር ሳይሆን ዕቃው ባለመኖሩ አንድ ስራ በቆመብኝ ቁጥር ብቻ ደብተሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከአጠገቡም ምን እንደቆመ እጽፋለሁ። «አማረኝ» እና «ያስፈልገኛል» እንደዚህ ነው የሚለዩት። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ በማሰብማ ሁሉም ነገር ያስፈልጋል።

በ30 ቀን ውስጥ ስንት ምልክት አገኘሁ? ሦስት። ሦስቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ስብሰባ መሃል ባትሪው አለቀ»። የቀድሞው ሄድፎን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ ነበር እኮ። ለካ ገመዱ ተበልቶ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። የሚያስፈልገኝ የቻርጀር ገመድ ነበር! ገመድ! ያ ሰዓት ሲያጣድፈኝ ይሄ ጭራሽ አልታየኝም። ጆርጅ ሎውንስታይን የሚባል የባህሪ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ሰው ስሜቱ ሲግል፣ ሲረጋ ምን እንደሚያስብ መገመት ያቅተዋል ይላል። እኔን አይቶ ያጠና ነው የመሰለኝ።

ሁሉም ነገር ይጠበቅ አላልኩም። መድኃኒት 30 ቀን አይጠብቅም። የልጅ ጫማ ከጠበበ ጠቧል። ለስራ የምትጠቀሙበት ስልክ ጭራሽ ከሞተ ዛሬውኑ ምልክቱ ገጹን ይሞላዋል። ደግሞ ወሩ ስላለቀ ብቻ «ጠብቄያለሁ፣ ይገባኛል» ብሎ መግዛትም አለ። እሱም ሌላ ሸውራራ ሒሳብ ነው፤ እኔም አንዴ ሰርቼዋለሁ፣ ዝርዝሩን ተዉት።

ገመዱን ገዛሁ። ሄድፎኑ ይሰራል። ይሄን እየጻፍኩ እያለሁ ስልኬ ጮኸ፦ «የረሱት ዕቃ አለ! ቅናሹ ሊያልቅ 2 ሰዓት ብቻ ቀረው!»

አልረሳሁትም ባክህ።