«ፍጠኑ!» ከማለት የቀረውን ትኬት መናገር ይሻላል

ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው መንገድ ላይ የሚለጠፉ የሙዚቃ ዝግጅት ማስታወቂያዎች «ፍጠኑ!» እና «እንዳያመልጥዎ!» የሚሉትን ቃላት በትልቁ ይጽፋሉ፤ ትኬቱ የት እንደሚሸጥና በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ይቀራል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሰውን ሳይጫኑ የሚያስቸኩለው፣ ምክንያቱ የተነገረለት እውነተኛ የጊዜ ገደብ ነው።

አንድ ባንድ 600 ወንበር ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ሊጫወት ነው እንበል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦ «ትኬቱ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ 500 ብር፣ ከኅዳር 1 ጀምሮ 700 ብር ነው። በቅድሚያ የሚሸጠው የአዳራሹን ኪራይና የድምፅ መሣሪያውን ቀብድ ለመክፈል ስለሚረዳን ዋጋውን ቀንሰናል።» አንባቢው ቅናሹ ለምን እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ የተገፋ አይመስለውም። ቀኑም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ አብዛኛው ደመወዝተኛ ገንዘብ የሚያገኘው በወር መጨረሻ ስለሆነ፣ ቅናሹ ጥቅምት 18 ላይ ቢያበቃ ኪሱ የጎደለውን ሰው ለማይችለው ነገር ማጣደፍ ይሆናል።

ሰዓቱ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው። «7:00» ብቻ የተጻፈበትን ማስታወቂያ አንዱ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ «በሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ባንዱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ 4 ሰዓት ላይ ይጠናቀቃል» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ያስፈልጋል። የማብቂያውን ሰዓት ብዙ አዘጋጆች ይተዉታል፤ በታክሲ ወደ አያት ወይም ወደ ጀሞ የሚመለስ ሰው ግን ትኬት ለመቁረጥ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ዋጋው ከመለወጡ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይውጣ፤ የሚለወጠውን ዋጋ ብቻ ያስታውስ። ሦስተኛው ማክሰኞ ኅዳር 2 ይወጣል፦ «እስከ ዛሬ 410 ትኬት ተሸጧል፣ 190 ቀርቷል። በር ላይ የምንሸጠው ከተረፈ ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ የምትመጡ በቴሌብር አስቀድማችሁ ብትቆርጡ ይሻላል።» እዚህ ላይ «ፍጠኑ» የሚል ቃል የለም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ይህ የሚሠራው ግን ቁጥሩ እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ግማሹ ወንበር ባዶ ሳለ «ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል» የተባለለት ታዳሚ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ እውነቱን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ዝግጅት የባንዱን ማስታወቂያ ቢያነብም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይጠብቃል፤ አዘጋጁም ቀብዱን የሚከፍልበት የቅድሚያ ሽያጭ ያጣል።

ሽያጩ ቀርፋፋ ከሆነ ቁጥሩን ሳይጠቅሱ ስለ ሥራው መናገር ይቻላል፤ ባንዱ ምን አዲስ ሙዚቃ እንዳዘጋጀና የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ እነማን እንደሆኑ ቢነገር ተገቢ ነው። ትኬቱ ካለቀ ደግሞ በዚያው ቀን «አልቋል፣ በር ላይ አይሸጥም» ተብሎ ይነገር፤ ሰው ታክሲ ከፍሎ መጥቶ ከደጅ እንዳይመለስ።