ከጎሬ እስከ ጋምቤላ፦ የቆዳ ቀለም ተዳፋት

«ጋሼ፣ ሰውን የሚያጠቁረው ፀሐይ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ጋምቤላና አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ያው ነው። ታዲያ መልካችን ለምን ተለያየ?»

ጠያቂዋ የጎረቤቴ የእህት ልጅ ናት። እናቷ የጎሬ ሰው ናቸው፤ አባቷ አኙዋክ። ጋምቤላ ተወልዳ አድጋ፣ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዲስ አበባ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ጸጉሬ የሸበተው። እሷ ግን ለፈተና ብላ አልጠየቀችኝም። በዚያ ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንዱ «ከየት አገር ነው የመጣሽው?» ብሏት ነበር። «ኢትዮጵያዊት ነኝ» ስትለው ሳቀባት። ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ እሷ ካሰበችውም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጋምቤላ ሙቀት ያሳስተናል እንጂ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሲውል ጨረሩ የሚበረታው አዲስ አበባ ላይ ነው። ቆዳን የሚነካው ደግሞ ጨረሩ ነው። ዛሬ ያለንበት ቦታ ፀሐይ ብቻዋን ብትወስን ኖሮ፣ ጠቆር ማለት የነበረበት የደጋው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ «ክላይን» የሚል ስያሜ አወጣ። ቃሉን ያመጣው ከግሪክኛ ነው፤ ማዘንበልን ያመለክታል። እኔ «ተዳፋት» እለዋለሁ። አንድ የአካል ጠባይ ከቦታ ቦታ ስንሄድ በአንዴ ዘሎ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሲቀየር፣ ያ ለውጥ ተዳፋት ሠራ እንላለን።

ነገሩ ለኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም። ከአዲስ አበባ በጅማና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ሲሳፈር ጋቢ ተከናንቧል። መንገድ ላይ ጋቢው ወርዶ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። ቡናው አገር ላይ ሹራብ ይወልቃል። ከጎሬ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀመር መስኮት ይከፈታል፣ ማንጎ ይታያል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እንላለን። ግን ደጋው እዚህ ጋ አበቃ ተብሎ ድንጋይ የተተከለበት ቦታ የለም። ሦስቱ ስሞች ለመግባቢያ ይጠቅሙናል፤ መሬቱ ግን አንድ ወጥ ቁልቁለት ነው። የተሳፋሪውም ፊት እንዲሁ ነው። በየመናኸሪያው የሚወጣውንና የሚወርደውን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ቀይ የሚባለው አልቆ ጥቁር የሚባለው የጀመረበትን ከተማ መጥራት አትችሉም። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቃል። «ቀይ» እና «ጥቁር» ብሎ አላቆመም፤ በመሃል «የቀይ ዳማ» እና «ጠይም» አለው።

ተዳፋቱን የሠራው ማነው? ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፀሐይ ራሷ ናት። ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ማቅለሚያ የሚያመርቱት ሴሎች ቁጥር ጥቁር በሚባለውም ነጭ በሚባለውም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚያመርቱት የሜላኒን መጠን፣ ዓይነትና አስተሻሸግ ነው። ሜላኒን ጨረርን ይከላከላል። ጨረር ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ፎሌት ያጠፋል፤ እርጉዝ ሴት የምትወስደው ፎሊክ አሲድ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፎሌት ሲያንስ የፅንሱ ህብለ ሰረሰር ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጨረር በሚበዛበት አገር ጠቆር ያለ ቆዳ ልጅን ያተርፋል። በሌላ በኩል ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ጨረሩ ያስፈልገናል። ፀሐይ በሚደክምበት አገር ጥቁር ቆዳ ያንኑ ትንሽ ጨረር ያስቀረዋል፤ የልጅ አጥንትም ይለሰልሳል። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለዚህ ነው። ስዊድን ያሉ ወገኖቻችንም ይህን በደንብ ያውቁታል። እዚያ ለሕፃናት ሁሉ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣል፤ ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ልጆች ከ2 ዓመት በኋላም እንዲቀጥሉ ይመከራል።

ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ሲኬድ ጨረሩ በአንድ ጀምበር አይወድቅም፤ በየኪሎ ሜትሩ በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጫናውም በጥቂቱ ይቀየራል። በዚህ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋባል። የዚህ መንደር ልጅ እዚያ መንደር ታገባለች፣ የእሷ ልጅ ደግሞ ከዚያ ወዲያ። ዘረመል እንዲህ ከመንደር መንደር ሲቀባበል ልዩነቱ ይለሰልሳል፣ ግድግዳ አይሠራም።

ዓባይን እንውሰድ። ከእስክንድርያ ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ የተከተለ መንገደኛ በሉክሶር፣ በአስዋን፣ በዶንጎላ፣ በካርቱም፣ በማላካል አልፎ ጁባ ይደርሳል። ከ31 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ወረደ ማለት ነው። በየከተማው የሚያገኘው ሰው ከትናንቱ በጥቂቱ ጠቆር ይላል። ካርቱምን አልፎ ግን ለውጡ ፈጠን ይላል። ምክንያቱ የፀሐይ ብቻ አይደለም። ከዚያ በስተደቡብ ሱድ የሚባለው ግዙፍ ረግረግ አለ፤ ለረጅም ዘመን ጀልባም እግረኛም አላሳልፍ ብሎ ኖሯል። ሰው የማይሻገርበት ቦታ ላይ ጋብቻም አይሻገርም። ያኔ ተዳፋቱ ወደ ገደል ይጠጋል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ የሚመልሰን ይሄ ነው። ሁለተኛው ነገር የሰው ጉዞ ነው። የደጋው ሰው የዘር ሐረግ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የመጡ ሰዎች እዚህ ካሉት ጋር ተዋልደዋል። ይዘውት ከመጡት አንዱ ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባለው ዘረመል የተለወጠ ቅጂ ነው። ለውጡ በዘረመሉ ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ፊደል ነው፤ ቆዳን ፈካ ያደርጋል። ሥራው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ያውም ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ በተደረገ ምርምር። አውሮፓ ውስጥ ሁሉም ሰው ይዞታል ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሳራ ቲሽኮፍ የተመራ ቡድን በኢትዮጵያ፣ በታንዛንያና በቦትስዋና ከ2,000 በላይ ሰዎችን ቆዳ የለካበትን ጥናት አወጣ። የለኩት በውስጠኛው የክንድ በኩል ነው። ፊትና እጅ ፀሐይ ስለሚያጠቁረው ያሳስታል፤ የክንድ ውስጥ ግን አብሮን የተወለደውን ቀለም ያሳያል። መሣሪያው ቆዳው ላይ ብርሃን ያበራና ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይቆጥራል። በጣም ጠቆር ያሉት እንደ ሙርሲና ሱርማ ያሉ የናይሎ ሳህራ ቋንቋ ተናጋሪ አርብቶ አደሮች ሆነው ተገኙ። በጣም ፈካ ያሉት የቦትስዋና ሳን ሕዝቦች ናቸው። ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ! ያ የአንድ ፊደል ለውጥ ደግሞ በኢትዮጵያና በታንዛንያ፣ አፍሮ እስያዊ ሐረጋቸው ከፍ ባለ ሕዝቦች ዘንድ ከ28 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል።

ይህ የጋምቤላን ጉዳይ ይፈታል። ወደ ደጋው የገባው ዘረመል ወደ ቆላው ለምን እኩል አልወረደም? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ወባ ናት። ደገኛው ለዘመናት ቆላን ይፈራ ነበር፤ ወርዶ ቤት አይሠራም፣ ልጁን አይድርም። እንደ ሱድ ረግረግ ሁሉ የጎሬ ቁልቁለትም ማጣሪያ ሆነ። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፤ በመሃል ማጃንግ አሉ፣ ሸኮ አሉ፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ገበያተኞች አሉ። ቁልቁለቱ ፈጣን ነው እንጂ አልተቆረጠም።

«ታዲያ 3,000 ዓመት ሙሉ የደጋው ጨረር ለምን አላጠቆረንም?» ብትሉኝ፣ ተፈጥሮ የምትመርጠው ቀስ ብላ ነው፤ ሰው ግን ቶሎ ይጓዛል። አማዞን ጫካ ውስጥ ያሉ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ምድር ወገብ ላይ ሆነው እንኳ እንደ ደቡብ ሱዳን ሰው አልጠቆሩም። አህጉሩ ላይ ከደረሱ 15,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን አልበቃም። ቆዳችን ላይ የተጻፈው የአያት ቅድመ አያቶቻችን ብዙ አድራሻ ነው፣ ተደራርቦ።

ሰውን በቀለም በሳጥን የሚከፍሉትን አጥብቄ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ጠባይ የራሱ ተዳፋት አለው፣ አንዱ ከሌላው ጋርም አይገጥምም። የቆዳ ቀለም በአመዛኙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። የቢ የደም ዓይነት መካከለኛው እስያ ላይ ይበዛና ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲኬድ እየሳሳ ይሄዳል። ሰውን በደም ብትከፍሉ የምታሰምሩት መስመር የቆዳውን መስመር አቋርጦ ያልፋል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍራንክ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1962 ዘሮች የሉም፣ ያሉት ተዳፋቶች ብቻ ናቸው ብሎ የጻፈው ይህን አይቶ ነው። የታክሲው ሰውዬ ከአንድ ጠባይ ተነስቶ አገር ሊነጥቃት ሞከረ። ያ ጠባይ ስለ ደሟ ዓይነት እንኳ ሊነግረው አይችልም።

ይህን ሁሉ ሳስረዳት ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ወንድሜስ?» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ ጠይም ነው፣ እንደ እናቱ። እሷ ጥቁር ናት፣ እንደ አባቷ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩላት። እናትሽ ከሁለቱ ቅጂዎቻቸው አንዱ የተለወጠው ነው እንበል፤ አባትሽ የላቸውም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከእናትየው አንድ ቅጂ ብቻ ይደርሳል፣ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ለወንድምሽ የተለወጠው ወጣ፣ ላንቺ ያልተለወጠው። ቀለም ላይ የሚሠሩ ሌሎች ብዙ ዘረመሎች ስላሉ ደግሞ ሳንቲሙ የሚወረወረው ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጎሬ ቁልቁለት በሙሉ እናንተ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ልጆች መሃል ሊገኝ ይችላል።

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወንድሟ አዲስ አበባ ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያው ታክሲ ነው የሚሄደው። እስካሁን ከየት አገር እንደመጣ የጠየቀው ሰው የለም።