የጋሼ ደብዳቤ

ታላቅ ወንድማችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ የአባታችን ቤት ተሽጦ ገንዘቡን እንድንካፈል ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፈውልናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ስለ ቤቱ ምንም አይሉም። ስለ እናታችን ምርቃት፣ ስለ ወንድማማችነትና ስለ ዓለም ከንቱነት ያትታሉ። «ገንዘብ የእጅ እድፍ ነው» የሚለው ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ደብዳቤ ገንዘብን ይህን ያህል ከናቀ፣ ገጹ ሲገለጥ ቁጥር መምጣቱ አይቀርም።

መጣም። ደላላው ቤቱን 12 ሚሊዮን ብር ገምቶታል። መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የግል ስላልሆነ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ አባታችን ያስመረገው የጭቃ ቤት ነው፤ ገዢው በማግስቱ ያፈርሰዋል። እንግዲህ በታሪክ ውድ የሆነውን ጭቃ ልንሸጥ ነው።

ወራሾቹ አራት ነን። ሕጉ ታላቅ ታናሽ፣ ወንድ ሴት ሳይል ለልጆች እኩል ስለሚያካፍል ለያንዳንዳችን 3 ሚሊዮን ይደርሰናል። ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ባማረበት! ቀጣዩ አንቀጽ ግን «ሆኖም» ብሎ ይጀምራል። ሆኖም ቆርቆሮው የተቀየረው በጋሼ ገንዘብ ነው። አጥሩም እንዲሁ። የተዝካሩ በሬ፣ የድንኳኑ ኪራይ፣ ለቀስተኛ የጠጣው ለስላሳ ሳይቀር ተደምሮ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሆኗል። የቀብር ወጪ ከውርስ ላይ ቀድሞ እንደሚከፈል እኔም አውቃለሁ፤ ቆርቆሮ ግን መቼ እንደተቀበረ አላስታውስም። ይህ ተነሥቶ ቀሪው ለአራት ሲካፈል እኛ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ ጋሼ 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ይዘን በፍቅር እንለያያለን።

ኮምቦልቻ ያለው ወንድማችን መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «መቼ?» ዋሽንግተን ያለችው እህታችን በስልክ አለቀሰች። ግቢው ውስጥ ያለው የዘይቱን ዛፍ እንዳይቆረጥ ትፈልጋለች፤ ድርሻዋ በዶላር ስንት እንደሚሆንም ማወቅ ትፈልጋለች። ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ልካ ነበር፤ ነገር ግን «ንብረቴን እንዲያስተዳድሩ» ይላል እንጂ «እንዲሸጡ» አይልም። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ይህን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጋሼ ሁለት ገጽ ሙሉ ሲመርቁን ይህችን አንዲት ቃል አላሰቧትም። ካርታውም ገና በአባታችን ስም ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ የተወዘፈው ግብር ተከፍሎ፣ ስም ካልዞረ ገዢ ብር አያወጣም።

ደብዳቤው ሲዘጋ፣ «እምቢ ያለ ቢኖር» ይላል በትሕትና፣ «ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ ሊያሸጠው እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው።» እውነታቸውን ነው፤ የጋራው ንብረት የማይከፋፈል ሲሆን ነገሩ እስከዚያ ሊደርስ ይችላል።

እኔ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ እንዲህ ስል መለስኩ፦ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የሰርቪስ ቤቶቹን የአሥራ አንድ ዓመት ኪራይ የጻፉበት ገጽ ግን እኔ ጋ አልደረሰም፤ እባክዎ ይላኩልኝ።»