አራት መቶ አባወራ አራት መቶ ዳይስ አይደለም

«400 አባወራ ጠይቀናል፤ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በገጠር ጥናቶች ዘገባ ላይ ደጋግሞ ይገጥመናል። 400 የሚመጣው የናሙናን መጠን ለመወሰን ከሚያገለግለው ከያማኔ ቀመር ነው። የሕዝቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢሆን፣ 5 በመቶ ስህተት የፈቀደ ሰው ከ400 በላይ ናሙና አይወጣለትም። ቀመሩ ግን እያንዳንዱ አባወራ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ በዕጣ እንደወጣ ይቆጥራል። በሰሜን ሸዋ እንዲህ አድርጎ ናሙና የሚያወጣ አጥኚ ብዙም አይገኝም፤ የሚመረጡት በቅድሚያ ቀበሌዎች ናቸው።

ነገሩን በሉዶ ዳይስ እንየው። አንድ ዳይስ ሲወረወር ስድስቱም ፊቶች እኩል ዕድል አላቸው። ሁለት ወርውረን አማካዩን ብንወስድ ግን ከ36ቱ አጋጣሚዎች 3.5 የሚሰጡት ስድስት ሲሆኑ፣ 1 የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። አማካዩ 1 እንዲሆን ሁለቱም ዳይሶች 1 ላይ መስማማት አለባቸውና። የ30 ዳይስ አማካይ በኮምፒዩተር አሥር ሺህ ጊዜ ቢሰላ የደወል ቅርጽ ይወጣል፤ ከመቶው 95 ያህሉ በ2.9 እና በ4.1 መካከል ይወድቃሉ። ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም የሚለው ይህንኑ ነው። ደወሉን የሚሠሩት አማካዮቹ ናቸው። በመንዝ ጥቂት አባወራዎች ብዙ በግ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ጥቂት በግ ቢኖራቸው፣ 30 ሰው ስለተጠየቀ የበጎቹ ስርጭት ደወል አይሆንም።

የደወሉ ስፋት የአንድ ዳይስ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን (1.71)፣ ለዳይሶቹ ብዛት ካሬ ሥር ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ለ400 ዳይስ 0.085 ይሆናል። ሙከራውን አሥር ሺህ ጊዜ መደጋገም ሥዕሉን ያጠራል እንጂ ደወሉን አያጠብበውም፤ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ብዙ ጊዜ ያምታታሉ።

አሁን 20 ቀበሌ፣ ከየቀበሌው 20 አባወራ እንውሰድ። ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው እንደሚያውቀው ደጋውና ቆላው በአየሩም በሰብሉም አይገናኙም፤ የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች ግን አፈሩንም፣ ዝናቡንም፣ የልማት ሠራተኛውንም ይጋራሉ። ይህን በዳይስ ለመምሰል ለየቀበሌው አንድ የጋራ ዳይስ እንወርውር። እያንዳንዱ አባወራ ከሦስት አንድ በሆነ ዕድል የቀበሌውን ቁጥር ይቅዳ፤ ካልቀዳ የራሱን ይወርውር። በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፦

```
import numpy as np
r = np.random.default_rng(7)
a = r.integers(1, 7, (10000, 20, 20))
v = r.integers(1, 7, (10000, 20, 1))
b = np.where(r.random(a.shape) < 1/3, v, a)
print(a.mean(axis=(1,2)).std())
print(b.mean(axis=(1,2)).std())
```

ሁሉም የየራሱን ዳይስ የወረወረበት የመጀመሪያው ውጤት ወደ 0.085፣ ከቀበሌው የተቀዳበት ሁለተኛው ወደ 0.15 ይጠጋል። ደወሉ ደወል እንደሆነ ነው፤ ስፋቱ ግን 1.76 እጥፍ ሆኗል። ምክንያቱም የአንድ ቀበሌ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የጋራውን ቁጥር የመቅዳት ዕድላቸው 1/9 ነው። ልይይቱ በካሬ ሲታይ 1 + 19 × 1/9፣ ማለትም 3.1 እጥፍ ያድጋል። 400ው አባወራ የ129 ሰው ያህል መረጃ ብቻ ይዟል ማለት ነው። ተመሳሳይ መቀራረብ ባለበት ጥናት ምርጥ ዘር የተጠቀሙት ገበሬዎች 50 በመቶ ሆነው ቢገኙ፣ ህዳጉ 5 ሳይሆን 8.6 በመቶ ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚቀናው መፍትሔ ናሙናውን ማብዛት ነው። በእነዚያው 20 ቀበሌዎች 800 አባወራ ቢጠየቅ ግን 129ኙ ወደ 150 ብቻ ከፍ ይላል፤ ከነጭራሹ ሁሉም ቢጠየቅ እንኳ 180ን አያልፍም። 400ውን በ40 ቀበሌ፣ አሥር አሥር አድርጎ መበተን 200 ያደርሰዋል። የትራንስፖርት ወጪው እንደሚጨምር ግልጽ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ለተጨማሪ መጠይቅ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለመኪናው የሚወጣው ዋጋ አለው። ናሙናን በዘልማድ በ1.5 ወይም በ2 ማባዛትም እንደ ነገሩ ነው፤ ከላይ ላለው ምሳሌ 3.1 ያስፈልግ ነበር።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ስህተቱን ለማወቅ ከባድ ስሌት አያስፈልግም። ከየቀበሌው እኩል ሰው ከተጠየቀ፣ የ20ውን ቀበሌዎች አማካይ ለየብቻ አውጡ፤ የእነዚያን 20 ቁጥሮች መደበኛ ልይይት ለ20 ካሬ ሥር አካፍሉ። የሚገኘው እውነተኛው መደበኛ ስህተት፣ ማለትም የደወሉ ስፋት ነው። 400ውን አንድ ላይ ደምራችሁ ካገኛችሁት በጣም ከበለጠ ጎረቤታሞቹ ተመሳስለዋል። ይህ ስሌት የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ጠያቂዎቹ ከመኪና መንገድ ሳይርቁ በጀማ ሸለቆ ውስጥ ያሉትን ቤቶች ከዘለሏቸው ዳይሱ ራሱ የተዛባ ነው፤ ደወሉ ያማረና ጠባብ ሆኖ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይቆማል።