«ሙሉ ሽፋን አለኝ» እያልክ የምትነዳው መኪና በግማሽ ብቻ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል

ወገን፣ ይሄ የኮምፕሬሄንሲቭ ኢንሹራንስ ነገር ያንገበግባል። ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ብር ሰው ሁሉ «መኪናዬ ቢወድም የማገኘው» ብሎ ያነበዋል። አይደለም! ያ ቁጥር ጣሪያ ነው። መኪናው ቶታል ሎስ፣ ማለትም መጠገኑ አያዋጣም፣ ሲባል የሚከፈልህ ከሁለቱ ያነሰው ነው፦ ወይ ፖሊሲው ላይ ያለው፣ ወይ አደጋው በደረሰበት ቀን መኪናው ሳይጋጭ ገበያ ላይ ያወጣ የነበረው። ከሱም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ከጉዳቱ አንተ የምትሸከመው ድርሻ፣ ይቆረጣል። ሽፋኑን ከገበያው በላይ ካስገባህ ለትርፉ የከፈልከው ፕሪሚየም በከንቱ ቀረ። አሳንሰህ ካስገባህ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው።

የኛ ሰው በሽታ ሁለተኛው ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ የመኪና ዋጋ ወደ ላይ ሄደ። ፖሊሲው ግን «እንደ አምናው ይታደስ» እየተባለ ይታደሳል። ፕሪሚየም የሚሰላው ከሽፋኑ መጠን ነውና ዝቅ ያለው ቁጥር ለኪስ ይጥማል። የሚያድስልህም ሰው ትንፍሽ አይልም።

በአንድ ቪትዝ እናስላው፤ ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አድርገነዋል፣ ኤክሰሱንም ትተነዋል። ገበያው 2 ሚሊዮን ብር፣ ሽፋኑ 1.2 ሚሊዮን። ማለትም የዋጋውን 60 በመቶ ብቻ ነው ኢንሹራንስ ያስገባኸው፤ የቀረውን 40 በመቶ አደጋ ሳታውቀው ራስህ ተሸክመሃል። ተጋጨ፣ የጋራዥ ግምቱ 900 ሺህ መጣ።

ይጠገን ከተባለ 900 ሺውን አይከፍሉህም። ሽፋኑ ከዋጋው ሲያንስ የሚሠራውን የአንደር ኢንሹራንስ አንቀጽ አውጥተው 60 በመቶውን፣ 540 ሺህ፣ ይሰጡሃል። 360 ሺው ያንተ ነው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው፤ «ጣሪያው 1.2 ሚሊዮን አይደል እንዴ፣ ጉዳቱ ከዚያ በታች ነው» ይላል። ልክ ይመስላል፣ ግን የሚቆረጠው ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ነው።

አሁን ቶታል ሎስ ማለቱን ተመልከቱ። የጥገናው ወጪ ከዋጋው ስንት በመቶ ሲያልፍ ቶታል ሎስ እንደሚባል እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ የውስጥ ገደብ አለው፤ 70 በመቶ ነው እንበል። 900 ሺውን ከገበያ ዋጋው ጋር ካወዳደሩት 45 በመቶ ነው፣ መኪናው ይጠገናል። ከፖሊሲው ቁጥር ጋር ካወዳደሩት ግን 75 በመቶ ነው፣ መኪናው «ሞተ»። ያው ቪትዝ፣ ያው ግጭት! ለነሱም ያዋጣል፦ 1.2 ሚሊዮን ከፍለው የተጋጨውን መኪና በጨረታ 800 ሺህ ቢሸጡት ከኪሳቸው የወጣው 400 ሺህ ብቻ ነው። ከ540 ሺው ጥገና ይሻላል። አንተ ግን የ1.2 ሚሊዮን ቼክ ይዘህ የ2 ሚሊዮን መኪና ልትፈልግ ነው።

ስለዚህ «ቶታል ሎስ ነው» ሲሉህ መጀመሪያ ጠይቅ፦ መቶኛው የተሰላው ከየትኛው ዋጋ ነው? መልሱን በጽሑፍ። ቀጥሎ ሳልቬጁን፣ የተጋጨውን መኪና ማለት ነው፣ ለራስህ ማስቀረት ትችል እንደሆነ ጠይቅ። በምሳሌያችን 800 ሺው ተቀንሶ 400 ሺህ ከነስብርባሪው ይሰጥሃል፤ ለመጠገን 500 ሺህ ትጨምራለህ። ቼኩን ወስደህ ተመሳሳይ ቪትዝ ልግዛ ካልክ ግን 800 ሺህ ትጨምራለህ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን ተጠንቀቅ፣ የመጀመሪያው ግምት ከውጭ በሚታየው ነው የሚሠራው። ፊቱ ሲፈታ የተጣመመ ሻንሲ ከወጣና 900 ሺው 1.2 ሚሊዮን ከሆነ የምትጨምረው 800 ሺህ ይሆናል፣ ልዩነቱም ይጠፋል። መኪናው ተፈትቶ ሳይታይ የስምምነት ፎርም ላይ አትፈርም።

የገበያ ዋጋው ክርክርም አለ። ገማቹ ደላላ ጠይቆ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ነው ቁጥር የሚያመጣው። አንተም ይዘህ ቅረብ፦ ያው ሞዴል፣ ያው የምርት ዓመት፣ ተቀራራቢ ኪሎ ሜትር፣ ከአደጋው ቀን ጋር የሚቀራረብ ዋጋ። የሽያጭ ውል ኮፒ ይዘህ ከመሄድህ በፊት ግን ዋጋውን አንብበው፤ ውል ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ በለመደ አገር የገዛ ማስረጃህ ሊቀብርህ ይችላል። ፋይልህ አምስት ወር ቢንከባለልና ገበያው ቢጨምር ደግሞ ጭማሪውን አትጠብቅ፣ የሚታየው የአደጋው ቀን ዋጋ ነው።

መኪናህ ገና ደህና ከሆነ ፖሊሲውን አሁን ከመሳቢያ አውጣና ቁጥሩን ከዛሬ ገበያ ጋር አስተያየው። እድሳቱን መጠበቅ የለብህም፤ በዓመቱ መሃልም በኢንዶርስመንት፣ ማለትም በፖሊሲ ማሻሻያ፣ ሽፋኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ለቀሩት ወራት የሚደርሰውን የፕሪሚየም ልዩነት ትከፍላለህ። የከፈልክበትንና አዲሱ መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ሳትይዝ ግን ከቢሮው አትውጣ፤ «አስተካክለነዋል» የሚል የስልክ ቃል አደጋ ሲደርስ ፋይል ውስጥ አይገኝም።