አንቺው ጻፊና አምጪው፣ እፈርማለሁ

ባለፈው ጥር፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱን አጅበን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ ስልኬ ጮኸ። የሰፈራችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለስኮላርሺፕ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል» አለኝ። ልጁን አንድ ቀን አስተምሬው አላውቅም። ምን እንደተማረ የጠየቅሁትም እዚያው፣ እልልታው መሀል ነው። «ታዲያ ስለ አንተ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብለው «ኧረ አይጨነቁ ጋሼ፣ ተጽፎ አልቋል፤ እርስዎ ሊንኩን ከፍተው ማስገባት ብቻ ነው» አለኝ።

እንዲህ ያለ አሳቢ ትውልድ ሳይመሰገን መቅረቱ ይቆጨኛል። መዝጊያው በአውሮፓ ሰዓት ከሌሊቱ 5:59 እንደኛ አቆጣጠር ነበር፤ የነሱ 23:59 ማለት ነው። በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ስለምንቀድማቸው ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 7:59 ይሆናል። ታቦታቱ ድንኳን ውስጥ አድረው፣ ካህናቱ ማኅሌት ላይ ቆመው፣ ምስክሩም ነጠላውን ተከናንቦ ሳለ ማለት ነው። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል? ከ6 ሳምንት በፊት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ መጠየቅማ ሰውን አለማመን ነው። ደግሞ ያኔ ቢጠየቅ ሰውየው ሊያስብበት ይችላል፤ ማሰብ ደግሞ ለደብዳቤ ጥሩ አይደለም።

የምስክር አመራረጣችንም እንዲሁ የሚያኮራ ነው። እኛ የምንመርጠው የሚያውቀንን ሳይሆን የሚታወቀውን ነው። ዲን ከተገኘ ዲን፣ ካልተገኘ የዲን ባልንጀራ፣ እሱም ከጠፋ የአክስት ባል ሆኖ ቢሮው ምንጣፍ ያለው ሰው። ያስተማረን፣ ጥናታችንን መስመር በመስመር ያረመን ወጣት መምህርማ ገና ማስተርስ ብቻ ነው ያለው፤ ቢሮውን ለሦስት ነው የሚጋራው፤ የራሱ ቲተር እንኳ የለውም። ማኅተም በሌለው ሰው ማስመስከር ለቤተሰብም ያሳፍራል።

ውጭ አገር ያሉት መራጮች ግን ይህ ክብር አልገባቸውም። ቅጻቸው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን አጋጣሚ ያውቁታል?» ብለው ነው። ቀጥሎ ሳጥኖች ይደረድራሉ፤ ካስተማሯቸው መካከል ከላይኞቹ 5 በመቶ ውስጥ ነው? ከ10? ከ25? ለእያንዳንዱ ችሎታ ጎን ለጎን «ለመመዘን ዕድል አላገኘሁም» የምትል ሳጥን ትኖራለች። ምስኪኑ ዲን ሐቀኛ ሰው ከሆነ ይቺን ሳጥን ከላይ እስከ ታች ምልክት እያደረገ ይወርዳል። ሐቀኛ ካልሆነ ሁሉንም «እጅግ የላቀ» ላይ ያደርጋል፤ ታች ያለው ባዶ ቦታ ላይ «ሰዓት አክባሪ ነው» ብሎ ይዘጋል። ሰዓት አክባሪነት ብቻውን የተጻፈለት ሰው ሌላ የሚነገርለት እንደሌለ አንባቢው ወዲያው ይረዳል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የፒያሳውን ደብዳቤ ነው። ፒያሳ አካባቢ በአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ Recommendation_final2.doc የሚል ፋይል አለ። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ከይዘቱ እንደምገምተው መጀመሪያ የተጻፈው ለአንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ አሲድ ስትቀዳ ስለምታደርገው ጥንቃቄ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው። ከእሷ ወደ አንድ ነርስ ተላለፈ፤ ያኔ «ለታካሚዎች ያለው ርኅራኄ» የሚል ተጨመረበት። ነርሱ ለአካውንታንት ወንድሙ አወረሰው፤ አካውንታንቱ «ሒሳብ አያያዝ» ብሎ ጨመረ እንጂ የቀደሙትን መደምሰስ አልደፈረም። የአባቶችን ሥራ ማን ይነካል? ከዚያ ወደ ሲቪል መሐንዲስ፣ ከመሐንዲሱ ወደ ቱሪዝም ምሩቅ ተሻገረ። ዛሬ የጎንደር ልጅ ለማንኛውም ትምህርት ሲያመለክት አሲድ በጥንቃቄ የሚቀዳ፣ ለታካሚ የሚራራ፣ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ድልድይ የሚገነባ፣ በአራት ቋንቋ የሚያስጎበኝ ሆኖ ይቀርባል። በመጀመሪያው አንቀጽ ሴት ነው፤ በሦስተኛው ወንድ። አንድ ጊዜ እንዲያውም በአራተኛው አንቀጽ ላይ ስሙ ራሱ የሌላ ሰው ሆኖ አይቻለሁ። ባለቤቱን «ይሄ ማነው?» ብዬ ስጠይቀው «እሱ እንኳን አልፏል፣ ካናዳ ነው» አለኝ፤ ገድ ያለው ስም ስለሆነ አይነካም ማለቱ ይመስለኛል።

የዚህ ፋይል ታላቅ ተአምር የሚታየው አመልካቹ ሁለት ምስክር ሲጠየቅ ነው። አንዱ ምሁር ጎንደር፣ ሌላው ባሕር ዳር። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ነገር ግን በአንድ ቃል፣ በአንድ የኮማ አቀማመጥ፣ በአንድ የፊደል ስሕተት ይመሰክራሉ። ሰባ ሊቃናት የብሉይ ኪዳንን ትርጉም ለየብቻቸው ጽፈው አንድ ሆኖ ተገኘ ተብሎ ሲተረክ የማያምን ካለ፣ ይምጣና የእኛን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያንብብ። ክፋቱ፣ አውሮፓ ያሉት መራጮች በተአምር አያምኑም። ሁለቱንም አንድ እጅ እንደጻፋቸው አውቀው ሦስቱንም ወረቀት፣ የልጁን ማመልከቻ ጭምር፣ ወደ ጎን ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአንድ አንቀጽ ላቁመው፤ ስለሚያናድደኝ። «አንቺው ጻፊና አምጪው፣ እፈርማለሁ» የሚል መምህር ሰነፍ ነው። ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ያንኑ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ሲያማስል አይቼዋለሁ። ተማሪዋ የ22 ዓመት ልጅ ናት፤ ራሷን ማወደስ ነውር ነው ተብላ ያደገች። ስለ ራሷ ምን ትጻፍ? «ታታሪ ነኝ» ትላለች፤ «ታዛዥ ነኝ» ትላለች። በ4 ዓመት ከእነማን ጋር ሲነጻጸር ስንተኛ እንደሆነች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ነፍጓት በፊርማው ይኩራራል። ዘመድ ያላት በአክስቷ ባል በኩል ሌላ ታገኛለች። ዘመድ የሌላት ከጠዳ በእግሯ መጥታ ቢሮው በር ላይ ሦስት ቀን ትቆማለች። እፈሩ!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አንዲት ይህን ጨዋ ልማዳችንን ያፈረሰች ልጅ አውቃለሁ፤ ለመወቀሻ እንዲሆን ጉዳይዋን ልዘርዝር። የመመረቂያ ጥናቷ በአዘዞ ጉድጓድ ውኃ ላይ ነበር፤ ኢ. ኮላይ የሚባለውን ተሕዋስ ፍለጋ። ናሙናው ኢንኩቤተር ውስጥ 44.5 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ናሙናው ሁሉ ተበላሸ። ልጅቷ ማንም ሳያዛት በበነጋው በባጃጅ ተመልሳ ከየጉድጓዱ እንደገና ቀዳች። የተበላሸውንም ውጤት «አልተቆጠረም» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች እንጂ አልደበቀችም። ይህን ያየው አማካሪዋ የነበረው፣ ቢሮ የሚጋራው፣ ቲተር የሌለው መምህር ነው።

ዘመዶቿ ዲኑን አዘጋጅተውላት ነበር። እሷ ወደ ወጣቱ ሄደች። ሄዳም «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አላለችም። «መምህር፣ ለዚህ ትምህርት ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ያህል ሥራዬን አይተዋል? ካልሆነ አይጨነቁ፣ ሌላ ሰው አለኝ» አለችው። ምን ዓይነት ድፍረት ነው! እኛ አገር የተለመነ ሰው «እሺ» ነው የሚለው፤ እምቢ ማለት ስለማይችል በ«እሺ» ይሸኝና በሁለት መስመር ደብዳቤ ይበቀላል። እሷ ግን «አይ» የሚልበትን በር ከፍታ ሰጠችው። ቢያቅማማ፣ «እንግዲህ እንሞክራለን» ቢል፣ አመስግና ልትሄድ ቆርጣ ነበር። ያቅማማ ሰው የጻፈው ደብዳቤ እንደሚያቅማማ ታውቃለችና።

«ደስ ይለኛል» ሲላት ደግሞ ሌላ ነውር ሠራች፤ ወረቀት ሰጠችው። ሲቪዋን፣ ትራንስክሪፕቷን፣ ለምን ማመልከት እንደፈለገች የጻፈችውን ረቂቅ። በላዩ አንድ ገጽ አከለች፦ ትምህርቱ ምን እንደሚፈልግ፣ እሱ በዓይኑ ያያቸው ሦስት ነገሮች፣ የመዝጊያውም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ። ልብ በሉ፣ ደብዳቤውን አልጻፈችለትም፤ የረሳውን ነው ያስታወሰችው። አድናቆቱን ለእሱ ተወችለት። በተቋሙ ኢሜይል ይጠቀም እንደሆነ ጠየቀችው፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ቆይቷል፤ ለማስመለስ አንድ ሳምንት ፈጀ። ያ ሳምንት የተገኘው ቀደም ብላ በመጠየቋ ነው። ሊንኩ ሲላክም ስፓም ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ነበር፤ እንዲፈልገው ያሳሰበችው እሷ ናት፤ መዝጊያው ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው፣ በአንድ አጭር መልእክት።

ደብዳቤው ማኅተም አልነበረውም። የመብራቱ ሌሊት ነበረበት። የተበላሸው ውጤት አለመደበቁ ነበረበት። «ካማከርኳቸው 40 ያህል ተማሪዎች መካከል ከላይኞቹ ሦስት አንዷ ናት» የሚል ነበረበት። የእንግሊዝኛ አጻጻፏ ገና መጠንከር እንዳለበትም በአንድ መስመር ነክቶታል፤ ዘመዶቿ ይህን ሲሰሙ «አዋረዳት!» ብለው ጮኹ። እንከን የሌለበት ምስክርነት የፒያሳው ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ሁሉ ያሳመነው ያቺ መስመር መሆኗን ማን ያስረዳቸው።

ልጅቷ ያጠፋችው ጥፋት በዚህ አላበቃም። ውጤቱ በመጣ ዕለት ከእናቷ ቀጥላ ለመምህሩ ደወለች። ይሄ ደግሞ ፍጹም ከሥርዓት የወጣ ነው። በእኛ ወግ፣ መስካሪ የመሰከረለት ሰው ማለፉን የሚያውቀው ከዓመት በኋላ በፌስቡክ ነው፤ ልጁ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ «ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አልነበረኝም» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ። ሌሊት ተነሥቶ ደብዳቤውን ያስገባለት ሰውዬም ያየዋል፣ ያነበዋል። ከዚያ ላይክ ያደርጋል፤ ሌላ ምን ያድርግ።