የገዛሁት ጦስኝ ነው ወይስ ሻጋታ?

ደሜ ፈልቷል። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ያው ባለሱቅ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል! ሂሳብ ከፍዬ ፌስታሉን ወደ ብርሃን አዞር ስለው፣ ከውስጥ በኩል ላቡ ችፍ ብሏል። በኅዳር! ጎንደር በኅዳር እኮ የታጠበ ጋቢ እንኳ እስከ ማታ ክው ብሎ ይደርቃል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጦስኝ አልደረቀም» አልኩት፣ በትህትና።

«ደርቋል እንጂ! ንኪው።»

ነካሁት። ቅጠሉ እውነትም ይንኮሻኮሻል። ግንዱን ልሰብር ብል ግን እንደ ክር ተጠመዘዘብኝ። የደረቀ ግንድ ቀጭ ይላል፣ አይጠመዘዝም። «ግንዱ እርጥብ ነው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ግንዱን ልትበይው ነው?»

ሱቅ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

ስሙኝማ። ቅጠል ስስ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ውሃው ግንዱ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ታስሮ መስኮት ላይ ሲቀመጥ ይሞቃል፣ ከግንዱ የወጣው እርጥበት መሄጃ ያጣና ቅጠሉ ላይ ይመለሳል። ከዚያማ ሻጋታ ነው። ለዚህ እኮ ነው የደረቀ የመሰለንን ጦስኝ ብልቃጥ ውስጥ እስከ ግማሽ አድርገን፣ ከድነን፣ በማግስቱ የምናየው። ብልቃጡ በውስጥ ጉም ከያዘ ወይም ቅጠሉ ከለሰለሰ ወደ ሰፌዱ ይመለሳል። ካልያዘም ለሳምንት ያህል በየቀኑ ከፈት አድርጎ ማናፈስ፣ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጥርቅም አድርጎ መዝጋት። ይሄ ምኑ ይከብዳል?

እንዲህ ብዬ ላስረዳው ስጀምር አንዲት እትዬ ከኋላዬ «ተዋት ልጄ፣ የዛሬ ልጆች ሁሉን ከስልክ ነው የሚማሩት» አሉት። ከስልክ! በየዓመቱ የሳሎኑን ወንበር አስወጥቼ ሰፌድ የምደረድረውን እኔን! የገዛ ባሌ ቆሞ ቡና የሚጠጣው በማን ምክንያት ሆነና?

አፌ አላርፍ ብሎ «ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው ያስቀመጥከው» አልኩት።

«ፀሐይ ከፈራ ጥላ ልግዛለት?»

ይሄኛው ላይ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ግን እሱ ራሱ የሚሸጠው ምን መሰለው? ሽታውን እኮ ነው! የጦስኝ ጉልበቱ ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ሙቀት ያተነዋል፣ ብርሃንና አየር ያበላሹታል። ስለዚህ ነው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቤት፣ ሳሳ አድርጎ የሚሰጣው። የጎረቤቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሰጣውማ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ሲያሸቱት ድርቆሽ ነው። ለዚያ ለዚያማ በሬ ቢያበሉት ይሻላል።

ፌስታሉስ? ስሱ ፌስታል ሽታ ያስወጣል፣ ሽታ ያስገባል። ይሄ ደግሞ ከልብስ ሳሙናው ጎን ነበር የተቀመጠው። ባለፈው ከዚያው ገዝቼ ለእንግዳ ያፈላሁት ሻይ ለምን ሳሙና ሳሙና እንዳለ አሁን ገባኝ። እንግዳዋ ጨዋ ናት፣ ዝም ብላ ጠጣችው።

የኛ ቤት ሰውም ያው ነው። የባሌ እህት ያስቀመጥኩትን በሶብላ «እንዲመች ብዬ» በሙሉ አስፈጭታ ጠበቀችኝ። አንቺ ሴት፣ ሲፈጭ እኮ ከረጢቱ ሁሉ ይፈነዳል! ሙሉውን ከነቅጠሉ ዓመት ያህል የሚቆየው መዓዛ በወራት ውስጥ ይሄዳል። ለሳምንት የሚበቃሽን ብቻ አሽተሽ አትወስጂም? ብልቃጡን ደግሞ ከምድጃው በላይ ደርድራዋለች፣ እንፋሎት እንዲታጠን። ቁም ሳጥን የተሠራው ለምን ነበር?

ወደ ባለሱቁ ልመለስ። «በቃ ገንዘቤን መልስልኝ» አልኩት።

«የተነካ አይመለስም።»

ንኪው ያለኝ ራሱ ነው እኮ! ራሱ!

ቤት አምጥቼ ስበትነው መሐሉ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር አብቦበታል፣ ሽታውም የጓዳ ሽታ ነው። ጣልኩት። «አፍልተሽ ብትጠጪውስ» የምትሉኝ አትጠፉም፣ አውቃችኋለሁ። ሻጋታ የተወውን መርዝ ማፍላት ላያጠፋው ይችላል። እናንተ ጠጡት።

ከዳባት በኩል የሚመጣ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ እርጥቡን አስልኩልኝ። ማድረቁን ለእኔ ተዉት። በዘንቢል ይሁን፣ ሳይጠቀጠቅ። በፌስታል አስሮ የላከልኝን ግን ከጓደኝነት እሰርዛለሁ።